ልጄን «የቤት ሥራህን ማሽን ነው የጻፈልህ» አሉት፤ ማስረጃ የምጠይቅበትን ደብዳቤ እዩልኝ

የሚኪ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ስድስተኛን ጨርሶ ነው። ሰሞኑን የታሪክ መምህርቱ ስለ ኤሪ ካናል የጻፈውን ዜሮ ሰጠችው። ለእኔ የደረሰኝ ኢሜይል እፍኝ አይሞላም። «ጽሑፉ 84 ፐርሰንት በኤአይ የተጻፈ ሆኖ ተገኝቷል፤ በትምህርት ቤቱ ደንብ መሠረት ነጥብ አይሰጠውም» ይላል። በምን እንደተገኘ፣ ማን እንዳገኘው፣ ሚኪን ጠይቀውት እንደሆነ ምንም የለም።

እሱ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብሎ ይምላል። እኔም ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ደብዳቤውን በአማርኛ ረቂቅ አድርጌዋለሁ፤ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ። እስቲ እዩልኝ፦

«ልጄ ሐቀኛ ልጅ ነው። በቤታችን ውሸት አይታወቅም። ሌት ተቀን የሚለፋ ልጅ እንዲህ መባሉ ቤተሰባችንን እጅግ አሳዝኗል። ዜሮው በአስቸኳይ እንዲነሣና መምህርቷ ይቅርታ እንድትጠይቀው እፈልጋለሁ። ይህ ካልሆነ ጉዳዩን ወደ ጠበቃ እወስደዋለሁ።»

ዳኒ ዘዲሲ

አይዞሽ እህቴ። ጠበቃ የምትለዋን እንዳታወጫት፤ እነሱ የሚፈሩት እሷን ብቻ ነው።

ደግሞ በእጅሽ ብዙ ነገር አለ። የስታንፎርድ ሰዎች በ2023 አጥንተውታል። እነዚህ መርማሪ ነን የሚሉ ፕሮግራሞች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ሰዎች ከጻፉት ውስጥ 61 በመቶውን «ማሽን ነው» ብለዋል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ የራሱን መርማሪ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዘግቶታል፤ አይሠራማ! ከዚያ ፌርፓ የሚባል ሕግ አለ። በ45 ቀን ውስጥ ማስረጃ ካላቀረቡ ውጤቱን መመለስ ግዴታቸው ነው። ይህንን ጽፈሽ ላኪና ተኚ።

የሁለት ልጆች አባት

እኔ ግን አንድ ነገር ልበል፤ አትቀየሚኝ እህቴ። ማስረጃ ከመጠየቅሽ በፊት ልጁን ደኅና አድርገሽ ጠይቂው። የእኔም ልጅ ምሎ ነበር። ኋላ ላይ ስልኩን ስንከፍተው ጉድ ነው የወጣው። ጠበቃ ጠርቶ ከመዋረድ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

መምህር ነኝ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ ሃይስኩል እንግሊዝኛ ስለማስተምር ከዚያኛው ወገን ሆኜ ልንገርሽ። ይህ ደብዳቤ ቢደርሰኝ ለምክትል ርዕሰ መምህሯ አስተላልፌ እጄን አወጣለሁ። ጠበቃ የሚል ቃል ያለበትን ደብዳቤ መምህር አይመልስም፤ ቢሮው ነው የሚመልሰው። ቢሮው ደግሞ የሚመልስልሽ «ደንባችንን ተከትለናል» ብሎ ነው። ስለ ልጅሽ ሐቀኝነት የጻፍሽው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ደብዳቤው ውስጥ መልስ የሚፈልግ አንድም ጥያቄ የለም።

መጀመሪያ ያቺን 84 እንያት። መምህርቷ የፕሮግራሙን ስም አልነገረችሽም፤ ስሙ ካልታወቀ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነም አይታወቅም። ብዙ ትምህርት ቤት ያለው ተርኒቲን ነው። እሱ ከሆነ 84 ማለት «84 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» ማለት አይደለም። ከጽሑፉ 84 በመቶ የሚሆነው ክፍል የማሽን ይመስለኛል ማለት ነው። ስለዚህ የትኞቹን ዐረፍተ ነገሮች እንዳቀለመ የሚያሳይ ሪፖርት አለ። መምህርቷ ይታያታል፤ ተማሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያየውም። መጠየቅ ያለብሽ መጀመሪያ እሱን ነው። እንደ ጂፒቲዚሮ ያለ ሌላ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ዕድል ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያነብ መምህር ስንቱ ነው!

ሁለተኛ፣ የጽሑፉ ርዝመት። ተርኒቲን ከ300 ቃል በታች ከሆነ ጭራሽ አይመረምርም። መጀመሪያ ላይ ወሰኑ 150 ነበር። ጽሑፉ ሲያጥር ስሕተቱ እንደሚበዛ ሲያዩ ራሳቸው በ2023 ከፍ አደረጉት። የሚኪ ጽሑፍ ስንት ቃል ነው?

ሄለን አዲስ

ሰላም። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ነው የምጽፈው። ለማስተርስ ቴሲስ ስናስገባ እኛም ፐርሰንት ይወጣልናል። አማካሪዬ «ከ20 በታች ከሆነ ችግር የለም» ብሎኛል። 84 ግን በጣም ብዙ ነው። ምናልባት የመጽሐፍ ዝርዝሩን አብሮ ቆጥሮበት ይሆናል። ጥቅሶቹን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ እንደገና ያስገባው፤ ይወርድለታል።

መምህር ነኝ ቨርጂኒያ

ሄለን፣ አንቺ የምትዪው ተመሳሳይነቱን የሚለካው ነው። እሱ ጽሑፉን ካሉት ድረ ገጾችና መጻሕፍት ጋር ያስተያይና «ይህ መስመር እዚህ ቦታ አለ» ብሎ ምንጩን ያሳይሻል። ተከፍቶ ይታያል፤ ትክክል ነው ስሕተት ነው ማለት ይቻላል።

የኤአይ ቁጥር ግን ምንጭ የለውም። ፕሮግራሙ ልጁ ሲጽፍ አላየውም፤ የሆነ ቦታም ኮፒውን አላገኘም። የሚያየው ቃላቱ አንዱ ከሌላው እንዴት እንደሚከተሉ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ሁልጊዜ የሚጠበቀው ከሆነ፣ ዐረፍተ ነገሮቹም እኩል እኩል ከሆኑ የማሽን ይመስለዋል። «በ1825 የተጠናቀቀው ኤሪ ካናል የሃድሰንን ወንዝ ከኤሪ ሐይቅ ጋር አገናኘ፤ የኒውዮርክንም ንግድ ለወጠው።» ይህን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አስቢው። በየዓመቱ ስንት ሺህ ልጅ ይጽፈዋል? ሌላስ በምን መንገድ ሊጻፍ ይችላል? በተለይ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ቀመር የተማረ ልጅ እያንዳንዱን አንቀጽ በ«በተጨማሪም» ጀምሮ በ«ስለዚህ» ይዘጋዋል። እኛው ነን እንደዚያ ጻፉ ብለን ያስተማርናቸው።

ዳኒ፣ ከተናገርከው ግማሹ ልክ ነው፤ ግማሹ ግን እህታችንን ችግር ውስጥ ይከታታል። የስታንፎርዱ ጥናት እውነት ነው። 91 የቶፍል ጽሑፎችን በሰባት ፕሮግራም አስመርምረው በአማካይ 61 በመቶው በስሕተት የማሽን ተብሏል። ግን ተርኒቲን ከሰባቱ አንዱ አልነበረም፤ ፕሮግራሞቹም ያኔ የነበሩት ናቸው። ደብዳቤው ላይ «ፕሮግራማችሁ 61 በመቶ ይሳሳታል» ብላ ብትጽፍ በአንድ መስመር ያፈርሷታል። ተርኒቲን ራሱ ከፍ ያለ ቁጥር ለወጣባቸው ጽሑፎች ስሕተቴ ከአንድ በመቶ በታች ነው ይላል።

ፌርፓም እንደዚያ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ስለ ልጅሽ የያዘውን መዝገብ የማየት መብት ይሰጥሻል፤ 45 ቀን የሚባለው እሱን ለማሳየት ያላቸው የመጨረሻ ጊዜ ነው። ውጤት ይመለስ አይልም። መምህርቷ ለራሷ ብቻ የያዘችውን ማስታወሻም አይጨምርም። ቢሆንም ሪፖርቱን ለማየት ጥሩ በር ነው፤ በትሕትና አንድ መስመር አስገቢው።

ዳኒ ዘዲሲ

እሺ መምህር፣ 45 ቀኑን ተቀብያለሁ። ግን አንድ በመቶም ቢሆን ትንሽ አይደለም።

መምህር ነኝ ቨርጂኒያ

አይደለም፤ እዚያ ላይ ልክ ነህ። ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በ2023 ነሐሴ ላይ ይህንኑ አስልቶ የተርኒቲንን መርማሪ አጥፍቶታል። በ2022 በተርኒቲን በኩል ያለፈላቸው 75 ሺህ ጽሑፍ ነው። አንድ በመቶው 750 ይሆናል፤ 750 ያላጠፋ ተማሪ ማለት ነው። እኔ ራሴ በዓመት 150 ተማሪ አለኝ። እያንዳንዱ አሥር ጽሑፍ ቢያስገባ 1500 ነው፤ አሥራ አምስት ጊዜ በንጹሕ ልጅ ላይ እጄን እጠቁማለሁ ማለት ነው። ሁሉም ባለ ከፍተኛ ቁጥር ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ፊታቸው ላይ «ስሕተት» ተብሎ አይጻፍም። ኩባንያውም ቢሆን ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ ተማሪ አትቅጡ ይላል። ለደብዳቤው ከስታንፎርዱ ይልቅ ይህቺ ትሻላለች፤ የራሳቸው ዕቃ ሻጭ ነዋ የተናገረው።

የሁለት ልጆች አባት

እናንተ ትምህርት ቤቱን በዳይ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ማሳቹሴትስ ሂንግሃም የሚባል ከተማ ወላጆች በ2024 ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። ዳኛው ኅዳር አካባቢ ለትምህርት ቤቱ ነው የፈረደው። ያንንም ንገሯት እንጂ።

መምህር ነኝ ቨርጂኒያ

ጥሩ አነሡት ጋሼ፤ እኔ እንዲያውም ለሁሉም ወላጅ የምነግረው እሱን ነው። ያንን ጉዳይ ያሸነፈው ተርኒቲን አይደለም። የተርኒቲን ምልክት መነሻ ነበር። መምህርቷ ከዚያ በኋላ ሥራ ሠርታለች። የሰነዱን የአጻጻፍ ታሪክ ከፍታ ልጁ ሰነዱ ላይ የቆየው 52 ደቂቃ መሆኑን አየች፤ ሌሎቹ ልጆች ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጅተዋል። ትልልቅ ቁራጮች በአንድ ጊዜ ተለጥፈው ገብተዋል። ምንጭ ተብለው ከተጠቀሱት መጻሕፍት ውስጥ ጭራሽ የሌሉ ነበሩባቸው። እነዚህ ተደራርበው ነው ዳኛውን ያሳመኑት። ፈተናም ላይ አይደለም፤ የታሪክ ፕሮጀክት ነው፣ እንደ ሚኪ።

እህታችን መጠየቅ ያለባት ይህንኑ ነው። ከቁጥሩ ሌላ ምን አያችሁ? የሰነዱን ታሪክ ከፈታችሁ? ምንጮቹን አጣራችሁ? ክፍል ውስጥ በእጁ ከጻፈው ጋር አስተያያችሁ? ልጁን ስለ ካናሉ ጠየቃችሁት? መልሱ «አዎ» ከሆነ ዝርዝሩን ታያለች። «አይ» ከሆነ ያለው ማስረጃ ቁጥሩ ብቻ ነው።

ጽጌ ሚኒያፖሊስ

የእኔ ልጅ ኮሌጅ ላይ እንደዚሁ ሆና ነበር፤ የነርሲንግ ጽሑፍ ነው። ግራመርሊ ተጠቅማ ነው ያሉት። ፕሮፌሰሩ ቢሮው ጠርቶ ስለ ኢንፌክሽን ቁጥጥር አሥር ደቂቃ አስወራት፤ ከዚያ «በቃ ሂጂ» አላት። ደብዳቤም አልጻፍን። አንቺም ልጁን ይዘሽ ሂጂና ይጠይቁት፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?

የሚኪ እናት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጽሑፉ 412 ቃል ነው። የሰነዱ ታሪክ የምትሉት ግን የት ነው ያለው? ሚኪ ጎግል ዶክስ ላይ ነው የጻፈው።

መምህር ነኝ ቨርጂኒያ

በኮምፒውተር ክፈቱት፤ በስልክ እንዲህ ቁልጭ ብሎ አይታይም። File ከዚያ Version history ከዚያ See version history። በቀኝ በኩል ቀኖችና ሰዓቶች ይደረደራሉ። አጠገባቸው ያለችውን ቀስት ስትጫኑ እያንዳንዱ ይዘረዘራል። በየጊዜው የተጨመረው በቀለም ይታያል። ዐረፍተ ነገር ጀምሮ የሰረዘ፣ ፊደል ያረመ፣ አንቀጽ ከላይ ወደ ታች ያወረደ ልጅ ወዲያው ይታወቃል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ሰነዱ በጎግል ክላስሩም ገብቶ መምህርቷ ካልመለሰችው ልጁ ማንበብ እንጂ ታሪኩን ማየት አይችልም፤ ያኔ እሷ እንድትከፍተው ጠይቂ። ሌላው፣ ኮፒ አድርጎ ማስቀመጥ የሚባለውን አታድርጉ፤ ኮፒው ያለ ታሪክ ነው የሚወለደው። ዋናውን አትንኩት፤ አትደምስሱ፣ አታርሙ።

የሚኪ እናት

አየነው። መምህርቷ መልሳው ስለነበረ ተከፈተ። መግቢያው፣ ሁለተኛውና መጨረሻው አንቀጽ በሁለት ማታ ተጽፈዋል፤ ስንት ቦታ እንደተሰረዘ ማየት ያስቃል። አንድ ቦታ ካናሉ 363 ማይል መሆኑን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ቁጥሩን ቀያይሮታል።

ሦስተኛው አንቀጽ ግን በአንድ ጊዜ ነው ዱብ ያለው። ሰባት መስመር፣ ምንም ሳይታረም። ደነገጥኩ። ስጠይቀው አቀረቀረ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ስልኩ ላይ በአማርኛ ጽፎት፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ እየቀላቀለ፣ ከዚያ በጎግል ትራንስሌት መልሶ ለጠፈው። አማርኛው ስልኩ ላይ ከነቀኑ አለ። ማታ ካስገባበት ቀን ይቀድማል። አነበብኩት፤ የእሱ አማርኛ ነው፤ «ጀልባ የሚጎትቱት በቅሎዎች ደክሟቸው ነበር» ይላል።

አሁን ምን ላድርግ? ይህን ደብዳቤው ላይ ልጻፈው ወይስ ዝም ልበል?

ዳኒ ዘዲሲ

ዝም! ማስረጃ ማምጣት የእነሱ ሥራ ነው። በገዛ እጅሽ ገመድ አታቀብዪ። ይጠይቁ፤ ከጠየቁ መልሺ።

የሁለት ልጆች አባት

ይኸው! አላልኩም? ትራንስሌተርም ማሽን ነው።

መምህር ነኝ ቨርጂኒያ

ጋሼ፣ አንድ አይደለም። ሐሳቡና የዐረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል የልጁ ነው፤ እንግሊዝኛው የማሽኑ ነው። የታሪክ ትምህርት ላይና የእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ግን «ምንም አልተጠቀመም» ማለትም አይቻልም። የትምህርት ቤቱ ደንብ ስለ ትርጉም ምን ይላል? አንዳንዱ በጭራሽ ይከለክላል፣ አንዳንዱ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች ይፈቅዳል፣ ብዙው ደግሞ ጭራሽ አልጻፈም።

ዳኒ፣ ዝም ማለቱን አልስማማበትም። መምህርቷ ይህንኑ ታሪክ በአንድ ክሊክ ትከፍተዋለች። እናትየው «ቃል በቃል እሱ ጻፈው» ብላ ጽፋ ሳለ ያ አንቀጽ ቢወጣ የተቀረው ሦስት አንቀጽም አብሮ ይሄዳል። እኔ ብሆን አስቀድሜ ከነአማርኛው አያይዤ እልካለሁ።

ጽጌ ሚኒያፖሊስ

እኔም ከመምህር ጋር ነኝ። ግን ልጁ ራሱ ይናገር፤ በእናቱ አፍ አይሁን። አሥረኛ ክፍል ነው።

ዳኒ ዘዲሲ

እናንተ ትምህርት ቤት ታምናላችሁ። እኔ አላምንም። ከተናዘዘ በኋላ ዜሮው ላይ «ዋሽቶ ነበር» የሚል ጨምረው ፋይሉ ውስጥ ቢያስገቡትስ? ኮሌጅ ሲያመለክት ማን ይጠየቃል?

መምህር ነኝ ቨርጂኒያ

ፍርሃትህ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ነው ደብዳቤው ውስጥ «ይህ ነገር በመዝገቡ ላይ ተጽፏል ወይ፣ ከተጻፈ በምን ስም?» ተብሎ መጠየቅ ያለበት። የክፍል ዜሮ አንድ ነገር ነው፤ የሥነ ሥርዓት መዝገብ ሌላ ነው። ብዙ ወላጅ ዜሮው ላይ ሲጨቃጨቅ ያኛው ያመልጠዋል።

የሚኪ እናት

ሌሊቱን ጻፍኩት። ጠበቃውንም ይቅርታውንም አወጣሁ። ሚኪ የራሱን ቁራጭ ለብቻው ጽፎ ያያይዛል፤ ጽጌ ያልሽው ገባኝ።

«ለተከበሩ መምህርት፤ ግልባጭ ለምክትል ርዕሰ መምህርት

ልጄ ስለ ኤሪ ካናል የጻፈው ጽሑፍ 84 ፐርሰንት በኤአይ የተጻፈ ነው መባሉን በኢሜይል አንብቤአለሁ። ውሳኔው በምን ላይ እንደቆመ ለመረዳት እጽፍልዎታለሁ።

ጽሑፉ የተመረመረበትን ፕሮግራም ስም፣ የተመረመረበትን ቀንና የትኞቹ ዐረፍተ ነገሮች እንደተጠረጠሩ የሚያሳየውን ሙሉ ሪፖርት እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። ይህን የምጠይቀው ፌርፓ የልጄን መዝገብ የማየት መብት ስለሚሰጠኝም ነው። ፕሮግራሙ ተርኒቲን ከሆነ፣ ኩባንያው ራሱ ቁጥሩ ብቻውን ለቅጣት መነሻ እንዳይሆን ስለሚያሳስብ፣ ከቁጥሩ ሌላ ያዩት ነገር ካለ እንዲነግሩኝ እለምናለሁ። የሰነዱን የአጻጻፍ ታሪክ ከፍተው ተመልክተዋል? ክፍል ውስጥ በእጁ ከጻፈው ጋር አስተያይተውታል? ልጁን ስለ ጽሑፉ አነጋግረውታል?

እኛ የአጻጻፍ ታሪኩን አይተናል። ሦስት አንቀጾች በሁለት ምሽት ሲጻፉና ሲታረሙ ይታያል። አንዱ አንቀጽ ግን በአንድ ጊዜ የተለጠፈ ነው። ልጄ እሱን በአማርኛ ጽፎ በትርጉም ፕሮግራም እንደመለሰው ነግሮኛል፤ የራሱ ማብራሪያና የአማርኛው ጽሑፍ ከነቀኑ ተያይዟል። ስለ ትርጉም ፕሮግራም የሚናገር የክፍል ወይም የትምህርት ቤት ደንብ ካለ፣ ለተማሪዎቹ መቼ እንደተሰጠ ቢያሳውቁኝ።

በመጨረሻም ይህ ጉዳይ ከክፍል ውጤቱ ሌላ በልጄ መዝገብ ላይ ተጽፎ እንደሆነ፣ ውሳኔውን የሚገመግመው ማን እንደሆነና ልጄ ስለ ካናሉ በቃል የሚጠየቅበት ወይም በክፍል ውስጥ እንደገና የሚጽፍበት ዕድል ይኖር እንደሆነ እጠይቃለሁ።»

መምህር ነኝ ቨርጂኒያ

ይህ ደብዳቤ ቢደርሰኝ ቁጭ ብዬ እመልሰዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ «በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ ብጠብቅ ደስ ይለኛል» የሚል ጨምሪ። ቀን የሌለው ደብዳቤ ከታች ይቀራል።

የሁለት ልጆች አባት

ጥሩ ነው። ብቻ እሱንም በጎግል ትራንስሌት እንዳትመልሺው! ሃሃ።

የሚኪ እናት

ሃሃ፤ የእህቴ ልጅ ናት የመለሰችው።

የሚኪ እናት

መልስ መጣ። ያልኳችሁ ምክትሏ ናት የጻፈችው፤ መምህርቷ አይደለችም። ፕሮግራሙ ተርኒቲን ነው፤ ሪፖርቱን በፒዲኤፍ ላከችልኝ። ሦስተኛው አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ተቀልሟል። ያ አልገረመኝም። ግን መግቢያውና መጨረሻውም ተቀልመዋል፤ እነዚያን እኮ ሲሰርዝና ሲጽፍ ነው ያየነው። ያልተቀለመው ሁለተኛው አንቀጽ ብቻ ነው፤ ሰዋስው የተሳሳተበት!

የሰነዱን ታሪክ ከፈቱ ወይ ላልኩት «መምህርቷ የሙያ ግምገማዋን ተጠቅማለች» ነው መልሱ። ሥነ ሥርዓት መዝገብ ላይ አልገባም ብላለች፤ እሱ እፎይ አሰኝቶኛል። ስለ ትርጉም ደንቡ «ያልተፈቀደ የቴክኖሎጂ እርዳታ» ከሚል በቀር ምንም አይልም። ለስብሰባ ጠርተውናል።

ዳኒ ዘዲሲ

«የሙያ ግምገማ» ማለት አልከፈትንም ማለት ነው። ዜሮው ይነሣ!

የሁለት ልጆች አባት

የተለጠፈው አንቀጽ ግን ዜሮ ይገባዋል። ሌሎቹ ልጆች በራሳቸው እንግሊዝኛ ነው የጻፉት።

መምህር ነኝ ቨርጂኒያ

እኔ ብሆን ሦስቱን አንቀጽ አርማለሁ፤ አንዱን ክፍል ውስጥ አስጽፈዋለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር የእኔው ባልደረቦች እንኳ በዚህ አይስማሙም። ባለፈው መምህራን ክፍል ውስጥ ተጨቃጭቀን ምሳችን ቀዝቅዞ ቀርቷል።

ለስብሰባው ሪፖርቱንና የሰነዱን ታሪክ ጎን ለጎን አትመሽ ይዘሽ ሂጂ። መግቢያው በታሪኩ ላይ ስንት ጊዜ እንደታረመ፣ በሪፖርቱ ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንደተቀለመ በጣትሽ አሳያቸው። ስለ ፕሮግራሙ በጥቅሉ አትከራከሪ፤ በዚያች አንቀጽ ላይ ብቻ ቆዪ።

የሚኪ እናት

እሺ። አስተርጓሚ ግን አይሰጡም መሰለኝ፤ ሚኪ ያስተረጉምልኛል።

መምህር ነኝ ቨርጂኒያ

እንዳታደርጊው! በራሱ ጉዳይ ላይ ልጅ አያስተረጉምም። አስተርጓሚ የማቅረቡ ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ክፍያ የለውም። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ አማርኛ ብርቅ አይደለም። ዛሬውኑ ለምክትሏ «ለስብሰባው የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብለሽ በኢሜይል ጻፊላት። ስልክ አትደውዪ፤ በጽሑፍ ይሁን። ካላገኙ ቀኑን ያራዝሙት።

ጽጌ ሚኒያፖሊስ

ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ጻፊልን እሺ? ሚኪንም ስለ በቅሎዎቹ በደንብ ያጥና በዪው፤ የሚጠይቁት እሱን ይመስለኛል።

የሚኪ እናት

ኢሜይሉን አሁን ላክሁት። ስለ በቅሎዎቹማ እኔንም አስጠንቶኛል።